የድሮ ዕቃ በአዲስ ዋጋ፦ ዶላር ሲጨምር ባለሱቁ ስንት ይጨምር?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ በሉና የካውያ፣ የብርድ ልብስ ወይም የስልክ ቻርጀር ዋጋ ጠይቁ። ባለፈው ወር ከሰማችሁት ከፍ ካለ የሚነሳው ክርክር ሁሌም አንድ ነው። ገዢዋ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያው መደርደሪያው ላይ የነበረው ነው፤ አቧራው እንኳን አልተነሳም። ምን አግኝቶት ጨመረ?» ትላለች። ባለሱቁም «ምን ላድርግ እህቴ፣ ዶላር ጨመረ» ይላል።

ገዢዋ ሌብነት ይመስላታል። ባለሱቁ ደግሞ ከስሮ እየሸጠ ሌባ የተባለ ይመስለዋል። እኛ ነገሩን ቁጭ ብለን ስናሰላው ሁለቱም የያዙት እውነት እንዳለ አየን። የድሮ ዕቃ ላይ ዋጋ መጨመር በራሱ ስርቆት አይደለም። «ዶላር ጨመረ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይሸከማል። ዛሬ የምናየው በትክክል ይሄንን ነው፦ የቱ ጭማሪ ከዶላር የመጣ ነው? የቱስ በዶላር ስም የገባ ነው?

ከዚህ በታች ያለው የካውያ ሂሳብ ለማስረዳት ብለን ያወጣነው ምሳሌ ነው። ቁጥሮቹን ሆን ብለን ክብ አድርገናቸዋል፤ እናንተ በራሳችሁ ዕቃ ተኩት።

ደብተሩ አተረፈ፣ መደርደሪያው ከሰረ

አንድ ባለሱቅ መርካቶ ወርዶ 20 ካውያ እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዛ እንበል። ያወጣው 20,000 ብር ነው። አንዱን በ1,250 ይሸጣል። ከ250ው ልዩነት ውስጥ 150ው ለሱቅ ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለማጓጓዣ ይሄዳል። 100 ብሩ ለቤቱ ይተርፋል። ሃያውን ሸጦ ሲጨርስ 3,000 ለወጪ፣ 2,000 ለቤት፣ 20,000 ደግሞ ለመነሻ ይቀራል። ዋጋ ካልተለወጠ ተመልሶ ሃያ ካውያ ይገዛል። ኑሮ ማለት እሱ ነው።

አሁን ዕቃው ሱቅ ውስጥ እያለ የመርካቶው ዋጋ 1,200 ገባ። ባለሱቁ «እኔ የገዛሁት በ1,000 ነው፣ ደንበኞቼን አላስከፋም» ብሎ በ1,250 ሸጠ። ወጪውን ከፈለ፣ 2,000ውን ለቤቱ ወሰደ፣ 20,000 ብሩን ይዞ መርካቶ ሄደ። ስንት ካውያ ያመጣል? 16። 800 ብር ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

ቀጠለ። አሥራ ስድስቱን የገዛበት 1,200 ላይ እንደለመደው 250 ጨምሮ በ1,450 ሸጠ። ልዩነቱ በጠቅላላው 4,000 ሆነ። ኪራይ ግን ዕቃው አነሰ ብሎ አይቀንስም፤ 3,000ው እንዳለ ነው። ለቤት የቀረው 1,000 ብቻ ሆነ። መነሻው አሁንም 20,000 ነው። ይህን ይዞ ሲሄድ መርካቶ 1,400 ደርሶ ጠበቀው። የሚያመጣው 14 ካውያ ነው።

ነገሩ የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። ደብተሩን ብትከፍቱት ሁሌም ትርፍ አለ። 20,000 ብሩም ሳይነካ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ ግን ከሃያ ወደ አሥራ ስድስት፣ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ አራት ወረደ። ሰውየው በብር እያተረፈ በዕቃ እየከሰረ ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ኪራዩን የሚሸፍን ዕቃ ያጣል፤ ሱቁም በቃ ይዘጋል። ሰፈሩ ደግሞ «እንዴት ጥሩ ሰው ነበር፣ ዋጋ አይጨምርም ነበር» ይለዋል።

ለዚህ ነው የሚያዋጣው ዋጋ የሚነሳው «በስንት ገዛሁት?» ከሚለው ሳይሆን «በስንት እተካዋለሁ?» ከሚለው የሚሆነው። መርካቶ 1,200 ከገባ ያው የድሮው ካውያ በ1,200 ላይ ወጪው 150 እና የቤቱ 100 ተደምሮ 1,450 ሊሸጥ ይገባል። በዚህ ዋጋ ሃያውን ቢሸጥ 29,000 ያገኛል። 24,000 ከፍሎ ሃያ ካውያ ይተካል፣ 3,000 ወጪ ይከፍላል፣ ለቤቱም ያው የለመደው 2,000 ይቀረዋል። ልብ በሉ፤ በ1,250 ይሸጥ ከነበረው ሳንቲም አልበለጸገም። ባለበት ቆመ እንጂ።

ስለዚህ ገዢዋ «ዕቃው የድሮ ነው» ስትል ልክ ነች፤ ግን ይሄ ብቻውን ጭማሪውን ስህተት አያደርገውም። ስህተት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

ዶላር 20 በመቶ ቢጨምር ካውያው 20 በመቶ ይጨምራል?

አይጨምርም። ቢያንስ ወዲያው መጨመር የለበትም። እንዴት ካላችሁ ካውያው ዋጋ ውስጥ ያለው ሁሉ ዶላር አይደለም።

የመርካቶውን 1,000 ብር ፈታ አድርገን እንየው። የቻይናው ፋብሪካ የሚከፈለው ዶላር ነው። የመርከቡ ኪራይ ዶላር ነው። ጉምሩክ የሚያስከፍለው ቀረጥና ታክስ በብር ቢከፈልም የሚሰላው የዕቃው የዶላር ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ ተባዝቶ ስለሆነ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። እነዚህ ሦስቱ በምሳሌያችን 750 ብር ይሁኑ። የቀረው 250 ደግሞ የመጋዘን ኪራይ፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የአስመጪውና የጅምላ ነጋዴው ትርፍ ነው። ይሄኛው ብር ነው። ዶላር ዛሬ ጠዋት ስለጨመረ የመጋዘን ጠባቂው ደሞዝ ከሰዓት አይጨምርም።

ዶላር 20 በመቶ ሲጨምር 750ው 900 ይሆናል። 250ው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የመርካቶው ዋጋ 1,150፣ የ18 ማዞሪያው ደግሞ 1,400 መሆን ነበረበት። ከ1,250 ወደ 1,400 ማለት 12 በመቶ ጭማሪ ነው።

በተግባር ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? አስመጪው «ዶላር 20 በመቶ ጨመረ» ብሎ ሙሉ ዋጋውን በ20 በመቶ ያሳድገዋል፤ የመርካቶው ዋጋ 1,200 ይሆናል። ባለሱቁም ያንኑ ሰምቶ 1,250ውን በ20 በመቶ ያሳድጋል፤ 1,500 ይሆናል። ሂሳቡን አስቡት፦ ዶላሩ በራሱ ያመጣው 150 ብር ነበር። ገዢዋ የተጨመረባት ግን 250 ብር ነው። 50ው መርካቶ ላይ፣ 50ው ሱቁ ላይ ገባ። ማንም «ልዝረፍ» ብሎ አልተነሳም። ሁሉም በመቶኛ ስለሚያስብ ነው የሆነው።

ለባለሱቁ የሚሆነው ቀላሉ ደንብ እንግዲህ ይሄ ነው፦ በመቶኛ ሳይሆን በብር ጨምር። መርካቶ ላይ 200 ብር ከጨመረብህ አንተም 200 ብር ጨምር፤ 1,450። የራስህን ድርሻ የምትነካው የራስህ ወጪ ሲነካ ነው። ኪራይህ ሲጨምር፣ የታክሲና የጭነት ዋጋ ሲጨምር፣ የቤትህ አስቤዛ ሲወደድ ያን ጊዜ 250ህ ለብቻው ተቆጥሮ ከፍ ይላል። መጨመሩ አይቀርም፤ ነዳጅም በዶላር ስለሚገባ የማጓጓዣ ወጪው ዘግይቶ ይደርሳል። ግን የሚደርሰው በራሱ ጊዜና በራሱ መጠን ነው። ዛሬ በዶላር ስም አስቀድሞ ከተበላ ኪራዩ ሲጨምር ደግሞ ሁለተኛ ይጨመራል ማለት ነው።

የትኛው ዶላር?

ይሄ ጥያቄ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለውን ግርግር ለመረዳት ቁልፉ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ንግድ ባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረውን ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አደረገው። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባካሄደው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ሆነ። ዓመት ሲሞላ የባንኩ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነበር፤ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ከ140 ተሻገረ።

ባንኩን ብቻ ያየ ሰው «በጥቂት ወራት ዶላር በእጥፍ ጨመረ፣ ስለዚህ ዕቃ ሁሉ እጥፍ መሆን አለበት» ይላል። ብዙ ነጋዴም ያለው ይሄንኑ ነው። የተረሳው ግን ከለውጡ በፊት ብዙ ዕቃ የሚገባው በ57 ብር ዶላር አለመሆኑ ነው። ባንክ ወረፋው ረጅም ነበር። በጥቅምት 2015 ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ተከልክለው ነበር። እነዚህን ያስገባ የነበረ ሰው ዶላሩን የሚያገኘው ከጥቁር ገበያ፣ ከ110 ብር በላይ ነበር።

አሁን የ10 ዶላር ዕቃ እንውሰድ። ከለውጡ በፊት ነጋዴው ዶላሩን ከጥቁር ገበያ በ115 ገዛ፤ 1,150 ብር። ጉምሩክ ግን የሚያሰላው በባንኩ ዋጋ ነው። ቀረጥና ታክሱ ተደማምሮ የዕቃውን ዋጋ ግማሽ ያህላል እንበል። 10 ዶላር በ57 ሲባዛ 570፣ ግማሹ 285 ብር። ድምሩ 1,435 ብር።

ከለውጡ በኋላ ባንኩም 115 ደረሰ እንበል። ዕቃው ያው 1,150 ብር ነው፤ ዶላሩ ለዚህ ነጋዴ አልተወደደም። የተወደደው ቀረጡ ነው። አሁን በ115 ስለሚሰላ 285 የነበረው 575 ሆነ። ድምሩ 1,725። ጭማሪው 290 ብር፣ 20 በመቶ ገደማ ነው። የባንኩ ዶላር በእጥፍ ጨምሮ ዕቃው መጨመር የነበረበት አንድ አምስተኛ ብቻ ማለት ነው።

«ከባንክ በ57 ያገኝ የነበረውስ?» ትሉ ይሆናል። ለእሱ ዕቃው 570፣ ቀረጡ 285፣ ድምሩ 855 ነበር። አሁን 1,725 ሆነበት፤ በእጥፍ። ግን እሱ ዕቃውን ሲሸጥ የነበረው በስንት ነው? ገበያ ውስጥ 1,435 ካወጣው ነጋዴ ዕቃ አጠገብ አስቀምጦ በዚያው ዋጋ ነበር። ልዩነቱ ለገዢው የደረሰ ቅናሽ ሳይሆን በእጁ የሚቀር ትርፍ ነበር። ስለዚህ ለውጡ ሲመጣ ያጣው ይሄንን ትርፍ ነው። ያጣውን ትርፍ ከ18 ማዞሪያ ገዢ ላይ ለማስመለስ ዋጋውን እጥፍ ካደረገ «ዶላር ጨመረ» የሚለው ሰበብ ነው።

ይሄ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በአብዛኛው በባንኩ ዶላር ይገቡ ስለነበር ለውጡ በሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። መንግሥት ድጎማ አደርጋለሁ ያለውም በእነዚህ ላይ ነበር። ካውያ፣ ጫማና መጋረጃ ላይ ግን ሌላ ሂሳብ ነው።

ዛሬም ጥያቄው አልሞተም። የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ በተራራቀ ቁጥር አንድ ዕቃ ሁለት ዶላር ይሸከማል፤ ግዢው በአንዱ፣ ቀረጡ በሌላው። አንዱ ሲጨምር ሁለቱንም የጨመሩ አስመስሎ ዋጋ መስቀል ይቻላል።

በየቀኑ ወይስ በየግዢው?

በጥቅምት 2010 ብር በአንድ ጊዜ 15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ የነጋዴው ሥራ ከባድ ቢሆንም ቀላል ነበር። አንዴ ያሰላል፣ አንዴ ይቀይራል፣ ያበቃል። አሁን ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው ዝላይ በኋላ ዶላሩ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል። መቼ ዋጋ ይቀየር የሚለው ራሱ ጥያቄ ሆነ።

አስመጪው የራሱ ምክንያት አለው። ዛሬ ሸጦ ያዘዘው ዕቃ ቻይና ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ እዚህ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። የሚከፍለው የዛሬውን ዶላር ሳይሆን የዚያን ጊዜውን ነው። ስለዚህ ዋጋው ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምራል። ይሄ ያስኬዳል፤ ግን መጠባበቂያው ልክ አለው። ባለፉት ወራት የባንኩ ዶላር ከ130 ወደ 140 ሄዷል ካልን ያ 8 በመቶ አይሞላም። በዚያው ጊዜ 30 በመቶ የጨመረ ዕቃ ካያችሁ ዶላሩ ብቻውን አላወጣውም።

የ18 ማዞሪያው ባለሱቅ ግን ይሄ መጠባበቂያ አያስፈልገውም። እሱ ዶላር አይገዛም። ዕቃውን የሚተካው ከወራት በኋላ ሳይሆን በሚቀጥለው ሳምንት ታክሲ ተሳፍሮ መርካቶ ወርዶ ነው። ስለዚህ የእሱ መለኪያ የባንኩ ሰሌዳ ሳይሆን የመርካቶው ዋጋ ነው። መርካቶ ሲወርድ ወይም ደንበኛው ለሆነ ጅምላ ነጋዴ ደውሎ አዲሱን ዋጋ ሲያጣራ ይቀይር። ጠዋት ቴሌግራም ላይ የዶላር ዋጋ አይቶ ከሰዓት የሚቀይር ከሆነ ግን ያልደረሰበትን ወጪ እያስከፈለ ነው።

ዱቤ ድብቅ ቅናሽ ነው

ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም። ግን ብር ዋጋ በሚያጣበት ጊዜ ዱቤ ማለት ሳይታወቅ የሚሰጥ ቅናሽ ነው።

ባለሱቁ ካውያውን በ1,450 ለሦስት ወር በዱቤ ሰጠ እንበል። ገንዘቡ እስኪገባ መርካቶ 1,300 ደረሰ። 1,450ውን ተቀብሎ 150 የሱቅ ወጪ ሲያነሳ በእጁ 1,300 ይቀራል። ካውያውን ይተካል፤ ለቤቱ ግን ምንም አልቀረም። ሦስት ወር ጠብቆ በነፃ ሠራ።

የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ቼክ አልቀበልም፣ ዱቤ አሳጥሬአለሁ ሲል ምክንያቱ ይሄው ነው። ለታመነ የሰፈር ሰው ዱቤ መከልከል የማይችል ባለሱቅ ግን መካከለኛ መንገድ አለው፦ የመተኪያውን ዋጋ፣ ማለትም 1,200ውን፣ መጀመሪያ ይቀበል፤ 250ውን ቀስ ብሎ ይቀበል። ያን ጊዜ የሚዘገየው የእሱ ድርሻ እንጂ ዕቃው አይደለም።

ዕቁብም ላይ ያው ነው። 20,000 ብር ዕቁብ መጀመሪያ የደረሰው ሃያ ካውያ ይገዛበታል። መርካቶ 1,200 ከገባ በኋላ መጨረሻ የደረሰው 16። ሁለቱም የጣሉት እኩል ነው።

ደረሰኝ የሌለው ባለሱቅ

ለውጡ በታወጀበት ሰሞን የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል፣ ምርት ደብቀዋል ያላቸውን ሱቆች አሽጓል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ዕቃ ማከማቸትንም ይከለክላል። እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ችግሩ ተቆጣጣሪው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «በስንት ገዛኸው?» ባለሱቁ 1,000 የሚል ደረሰኝ ቢያወጣ እና ዕቃው ላይ 1,450 ቢለጠፍ 45 በመቶ የጨመረ ይመስላል። «መርካቶ ዛሬ 1,200 ነው» የሚለውን በምን ያሳያል? ደረሰኝ ከነጭራሹ ከሌለው ደግሞ የባሰ ነው። በኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሳውን ውጥረት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ዕቃ ከጅምላ ወደ ችርቻሮ የሚያልፈው ያለ ደረሰኝ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ባለሱቅ የገዛበትንም የሚተካበትንም ማስረዳት ሳይችል ይቀራል።

ግብሩም ላይ ይከተለዋል። ቀደም ብለን በ1,450 ሲሸጥ ለቤቱ የሚቀረው 2,000 ነው አልን። በደረሰኝ ሲታይ ግን የገዛው 20,000፣ የሸጠው 29,000፣ ወጪው 3,000፤ ትርፍ 6,000። ከዚህ ውስጥ 4,000ው የሚቀጥለው ዕቃ ላይ የገባ ብር እንጂ ትርፍ አይደለም። ግብር የሚሰላው ግን በወረቀቱ ነው። ስለዚህ ባለሱቅ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ አዲስ ዋጋ ባወጣችሁበት ቀን ከጅምላ ሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም ጥቂትም ቢሆን የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከ«ዶላር ጨመረ» ይልቅ ይሄ ወረቀት ይናገራል። ግብሩንም ዋጋ ስታወጡ አስቡት፤ ዓመት መጨረሻ ላይ ከመነሻችሁ እንዳይነጠቅ።

እንዴት እንለያለን?

ገዢ የሆንን ሰዎች የባለሱቁን ደብተር ማየት አንችልም። ግን አንድ ጥሩ መለያ አለ፤ እሱም ዶላር ወይም የመርካቶ ዋጋ ሲወርድ የሚታይ ነው።

ዋጋ ሲጨምር «የድሮ ዕቃ ቢሆንም የምተካው በአዲሱ ነው» ያለ ነጋዴ፣ ዋጋ ሲወርድም በዚያው ሚዛን መመዘን አለበት። በውድ የገዛው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም የሚተካበት ዋጋ ስለወረደ መቀነስ አለበት። ሲጨምር «የምተካበትን ነው የማየው»፣ ሲቀንስ ደግሞ «በውድ ነው የገዛሁት» የሚል ሰው ሁለት ሚዛን ይዟል። ሲወጣ በአንዱ፣ ሲወርድ በሌላው። ይሄ ሂሳብ ሳይሆን ጥቅም ነው።

ሁለተኛው መለያ ጭማሪው በየዕቃው መለያየቱ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከቻይና የመጣው ካውያም እዚሁ የተሠራው የፕላስቲክ ባልዲም፣ በአንድ ቀን በአንድ መቶኛ ከጨመረ ማንም አላሰላም ማለት ነው። ባልዲውም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ ይጨምራል፤ ግን ሠራተኛውም ፋብሪካውም እዚሁ ናቸውና ከካውያው እኩል በዚያው ቀን ሊጨምር አይችልም።

ሦስተኛው ቀላል ነው። ንግድ ባንክ የዕለቱን ዋጋ በየቀኑ ያወጣል። ባለፈው ዕቃውን የገዛችሁበትን ወርና የዛሬውን አስተያዩ። ዶላሩ 5 በመቶ ጨምሮ ዕቃው 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከጨመረ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ፤ መደርደሪያውን ሳያጎድል ለመቆየት የሚታገል ሰው ነው። ዶላሩ 5፣ ዕቃው 25 ከሆነ ግን «ዶላር ጨመረ» ለሚለው መልስ «ስንት ጨመረ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወይ መርካቶ ላይ የተጨመረ አለ፣ ወይ ኪራዩ ጨምሯል፣ ወይ ደግሞ ሂሳቡ የለም። የሚያስረዳ ነጋዴ በብር ቆጥሮ ይነግራችኋል።

በእናንተ ሰፈርስ ባለፉት ስድስት ወራት ከውጭ ከሚገቡት ዕቃዎች የቱ ነው በጣም የጨመረባችሁ? የዕቃውን ዓይነት፣ ያኔ የገዛችሁበትንና የዛሬውን ዋጋ ከነወሩ ጻፉልን። ከዕለቱ ምንዛሪ ጋር አስተያይተን እናሰላዋለን።